በአብዱልቃድር የሚሰማው ‹ል› በአብዱረህማን የት ገባ?

የአረብኛን የፀሐይና የጨረቃ ፊደላት የለየሁት 14ቱን ከ14ቱ በመሸምደድ ሳይሆን በአማርኛ አዘውትረን በምንጽፋቸው ስሞች ነው። አብዱልቃድር፣ አብዱልከሪም ስንል ‹ል› ይሰማል፤ አብዱረህማን፣ አብዱሰላም፣ ኑረዲን ስንል ግን የለም። እኛ እንደምንሰማው ስለምንጽፍ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአረብኛው ጽሕፈት ግን በአምስቱም ስሞች ውስጥ የታወቀ ነገርን የሚያመለክተው «አል» አለ፤ አሊፍና ላም የተባሉት ሁለቱ ፊደሎቹ ሳይጎድሉ ይጻፋሉ።

‹ል› ስንል የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያርፋል። ቀጣዩ ፊደል እዚያው አካባቢ የሚፈጠር ከሆነ (ራ፣ ሲን፣ ዳል፣ ኑን፣ ሺን) ላሟ ትዋጥና እሱ ይጠብቃል። የፀሐይ ፊደል የሚባለው ይህ ነው። በከንፈር የሚፈጠሩት ባና ሚም፣ ከጉሮሮና ከምላስ ሥር የሚወጡት ዓይንና ቃፍ ግን ላሟን አይነኳትም፤ የጨረቃ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ፊደሉን ከመገመቴ በፊት ‹ል› ብዬ ምላሴን እዚያው አቆይና ቀጣዩን ድምፅ እሞክራለሁ። ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ባዕድ አይደለም፦ «ተሰበረ» «ይሰበራል» ሲሆን ‹ት› ተውጣ ‹ሰ› ትጠብቃለች።

ይህ ሙከራ የሚያሳስተው በጂም ነው። ዛሬ በምላስ ፊት ስለሚነገር ፀሐይ ይመስላል፤ የሚቆጠረው ግን ከጨረቃ ነው፣ አብዱልጀባር የሚለው ስም እንደሚያሳየው። ድምፁ ጥንት ወደ ኋላ የቀረበ ነበር፤ «ጀመል» የእኛው ግመል ነው፣ ካይሮም ዛሬ ድረስ «ገመል» ይላል። ጂምን ብቻ በቃል መያዝ ይሻላል።

«በሪያድ» የሚለውን እንውሰድ። የሚጻፈው «ፊ» ተብሎ፣ ቀጥሎ አሊፍ፣ ላም፣ ራ እያለ ነው፤ የሚነበበው ግን «ፊርሪያድ» ነው። አሊፏ ከአናባቢ በኋላ ስለመጣች ትጠፋለች፣ ላሟ በራ ትዋጣለች፣ የ«ፊ» ርዝመትም ያጥራል። ብዙ ሰው ላሟን ይውጥና ራን ማጥበቅ ይረሳል። ያኔ «አል» ፈጽሞ ስለማይሰማ ቃሉ ያለ «አል» የተነገረ ይመስላል። ምልክት ያለው ጽሑፍ ከዚህ ያድናል፦ በፀሐይ ፊደል ላይ የማጥበቂያው ሸዳ ይቀመጣል፣ ላሟም ባዶ ትሆናለች፤ በጨረቃ ጊዜ ግን ላሟ ራሷ አናባቢ እንደሌላት የሚያሳየውን ሱኩን ትይዛለች።

በቃል ጽሕፈት ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል፤ ጆሮ «አሽሸምስ» ሲሰማ እጅ ላሟን ይዘላል። ከ«አ» ቀጥሎ የጠበቀ የፀሐይ ፊደል በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ «አል» መሆኑን እጠረጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከጽሕፈት የምትወድቀው አሊፏ ብቻ ናት፤ እሷም «ለ» የሚል ትርጉም ያለው «ሊ» ሲቀድማት ነው። «ለፀሐይ» ሲባል «ሊሽሸምስ» ይነበባል፣ ሁለት ላሞች ተከታትለው ይጻፋሉ።

ሕጉ የሚሠራው ለ«አል» ብቻ ነው። «አልሲና» (ልሳኖች) ውስጥ ያለችው ላም የቃሉ ሥር ስለሆነች ሲን ቢከተላትም ሙሉ በሙሉ ትነበባለች፤ «አስሲና» ማለት ስህተት ነው።