አራት መቶ ሜትር ላይ ያልቅ የነበረው ትንፋሼ

አጭሩ ትራያትሎን 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። ሁለቱ ብዙም አያሳስቡኝም፤ የእንጦጦን ዳገት እየሮጥሁ የምወጣ ሰው ነኝ። ውኃ ውስጥ ግን 400 ሜትር ላይ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ አለከልክ ነበር።

መስቀል አደባባይ አካባቢ በምዋኝበት የሆቴል ገንዳ ዋና የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት ከዳር ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ አየር አላነሰህም፤ የያዝኸውን አላወጣህም» አሉኝ። ፊቴ ውኃ ውስጥ ሳለ አንድም አረፋ አላዩም። የመተንፈስ ጭንቀት የሚመጣው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው ጭንቅላቱን ባዞረባት ቅጽበት ማውጣትም ማስገባትም ስለሚኖርበት ሁለቱም ይጎድሉበታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ በምትለው አዲስ አበባ ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል። ይህ ሰው አየር ፍለጋ ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግ ዳሌው ይሰምጣል፤ እግሩም መልህቅ ይሆንበታል።

መጀመሪያ ጠርዙን ይዤ ፊቴን ነክሬ በአፍንጫዬ ሳላቋርጥ ማውጣትን፣ ከዚያ አንድ ጆሮዬን ከውኃው ሳላነሣ ዞሬ ማስገባትን ተለማመድሁ። ቀጥሎ በጎን መተኛት መጣ። የታችኛው እጅ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ዓይን የገንዳውን ወለል ያያል፣ እግር ስድስት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ ዞሮ መተንፈስ፣ አንድ ቀዘፋና ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ። የተዘረጋው እጅ በመተንፈሻው ሰዓት ውኃውን ወደ ታች ከተጫነ ጭንቅላት ይሰምጣል፤ ምልክቱ የምትጠጣው ውኃ ነው። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ግትር በመሆኑ እግሬ እየመታ እንኳ አልንቀሳቀስም ነበር፤ እግር ላይ የሚጠለቅ አጭር የጎማ መቅዘፊያ አድርጌ ነው ያለፍሁት።

400 ሜትሩንም ወደ 16 ጊዜ 25 ሜትር ከፋፍዬ፣ በየመሐሉ ሃያ ሰከንድ እያረፍሁ በእያንዳንዱ 25 ሜትር ቀዘፋዬን ቆጠርሁ። 24 የነበረው ቁጥር 28 ሲደርስ ገፍቼ አልቀጥልም፤ ወደ ጎን ልምምዱ እመለሳለሁ። ደክሞ መዋኘት የተበላሸውን አዋዋኝ ማጥናት ነውና። ቁጥሩ 22 ላይ ሲረጋ ርቀቱን ወደ 50፣ ቀጥሎም ወደ 100 አሳደግሁ።

ቀዘፋ መቀነስ ብቻውን ግን ያታልላል። ስለዚህ የ25 ሜትሩን ቀዘፋና ሰከንድ እደምራለሁ፤ ድምሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። 22 ቀዘፋና 30 ሰከንድ ሲደመሩ 52 ነው። እጄን ዘርግቼ ብዙ እየተንሸራተትሁ ወደ 19 ሳወርደው ሰዓቱ 36 ሆነ፤ ድምሩ 55። በየቀዘፋው መሐል ፍጥነቱ ይሞታል፤ እንደገና ማስነሣቱም ጉልበት ይበላል።

በየሦስት ቀዘፋ ተንፍስ የሚለውን የተለመደ ምክር እዚህ ከፍታ ላይ ትቼዋለሁ። በየሁለቱ እተነፍሳለሁ፤ አንገቴ ወደ አንድ ወገን እንዳይለምድ በየመመለሻው ጎን እቀይራለሁ። አሁን 400ውን ሳልቆም እጨርሳለሁ። ወደ 750 ስሄድ 600 አካባቢ ቀዘፋዬ 25 ይገባል፤ ያኔ የማየው የክንዴን ድካም ሳይሆን አረፋዬ መቋረጥ አለመቋረጡን ነው።