«የስምሪት ማስተካከያ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ያኔ የምሠራው ከቃሊቲ አለፍ ብሎ፣ ወደ ገላን መውጫ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነኝ። ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘውም፣ ለሥራ አስኪያጁ የመክፈቻ ንግግር የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። 160 ገደማ ሠራተኛ ነበረን። አብዛኛው ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦና ከኮዬ ፈጬ በሰርቪስ ነው የሚመጣው።

ጉዳዩ ቀላል ነበር። የመንገድ ሥራ ተጀመረና ሰርቪሶቹ ማርፈድ አበዙ። 1፡00 መግባት ያለበት ሰው 1፡20 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ መግቢያው ወደ 1፡30፣ መውጫው ደግሞ ከ9፡30 ወደ 10፡00 እንዲዞር ወሰኑ። ሁለት የሰርቪስ መቆሚያዎችም መቀየር ነበረባቸው። የቀረው ይኼንን ለሠራተኛው መንገር ነው።

እኔ የጻፍኩላቸው መክፈቻ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «የዛሬው መድረክ ዋና ዓላማ የድርጅታችንን ምርታማነት ቀጣይነት ባለው መልኩ ለማረጋገጥ የሰው ኃይል ስምሪት ማስተካከያ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ በዚሁ ዙሪያ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ነው።» አጀንዳው ሦስት ነጥብ ነበረው። የስምሪት ማስተካከያ፣ የትራንስፖርት አገልግሎት፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች።

ስብሰባው ከሥራ መውጫ በኋላ፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተጠራ። ሰው ቦርሳውን አንግቶ ነው የተቀመጠው። ሥራ አስኪያጁ ማንበብ ጀመሩ። «ማስተካከያ» የሚለው ቃል ሲደርስ ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። ሰው የሚነበበውን ትቶ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አሁን ያንን ምልክት አውቀዋለሁ፤ አዳራሹ ከዚያ በኋላ ያለውን አይሰማም ማለት ነው። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ ቃለ ጉባኤዬን መጻፍ ቀጠልኩ።

ከእኛ ብዙም የማይርቅ ሌላ ፋብሪካ ከጥቂት ወራት በፊት ሰው ሲቀንስ «የመዋቅር ማስተካከያ» ብሎ ነበር። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ እዚያ የሚሠራ ዘመድ ወይም የቤት ተጋሪ ነበራቸው። እኔ ቃሉን ከድሮ ደብዳቤዎች ነው ያመጣሁት። እነሱ ግን ከቤታቸው ያውቁታል።

መክፈቻው ብቻ 12 ደቂቃ ወሰደ። «መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሰዓትም ስለ ሰርቪስም አልነበረም። «የስንብት ክፍያው እንዴት ነው የሚታሰበው?» የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋብተው «የምን ስንብት?» አሉ። ሠራተኛው ይኼንን ሊሸሹ ፈልገው ነው ብሎ ወሰደው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ስንብት፣ ሦስተኛውም ስለ ስንብት ሆነ። ከዚያ የሰርቪስ ሾፌሮቹ ክላክስ ማድረግ ጀመሩ። ሰው ተበተነ። መቆሚያው የት ይሁን የሚለው ጭራሽ አልተነሣም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። ቀኑ ሳያልቅ 11 ሰው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠየቀኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከቆረጣ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ብዙ ፋብሪካ ያዩ ሰው ናቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው እኮ መጀመሪያ መስማት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። እንጀራዬን ይነካል ወይስ አይነካም? እሱን ሳይሰማ ሌላው ጆሮው አይገባም። ቀጥሎ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው ወይስ ልትጠይቁን ነው? ካለቀ አልቋል በሉን። ያለቀውን ነገር እንደሚመክር ሰው አታስቀምጡን።»

ይኼ ሁለተኛው ነገር በጣም ነው ያሳሰበኝ። የእኔ አጀንዳ የተወሰነውንና ያልተወሰነውን አልለየም ነበር። ሁሉንም «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብቼ በነጥብ በነጥብ ጠየቅኳቸው። ሰዓቱ? ተወስኗል። መቆሚያዎቹ? አልተወሰኑም፣ ሠራተኛው የሚመቸውን ይምረጥ። ታዲያ ስብሰባው በእውነት የሚያስፈልገው ለመቆሚያው ነበር። ሰዓቱ ማስታወቂያ ነው።

አዲስ መክፈቻ ጻፍኩ። ረቂቁ ላይ «ከሥራ የሚቀነስ ሰው የለም» ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እዚያ ላይ ቆም አሉ። «የዘንድሮውን አውቃለሁ። የከርሞውን ግን ዛሬ መማል አልችልም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሰውን ለማረጋጋት ተብሎ ከሚታወቀው በላይ ቃል ከተገባ፣ ሌላ ቀን እውነት ሲነገርም የሚያምን አይኖርም። «በዚህ ለውጥ ምክንያት» የሚለውን ጨመርንበት።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ሰበሰብን። በዚህኛው ሰዓቱ 9፡00 እንዲሆን፣ ማለትም ከሥራው ጊዜ ላይ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጠን ለመንኩ። ሥራ አስኪያጁ ቆመው ያነበቡት ይኼ ነው፦

«እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ መግቢያ ሰዓትና ስለ ሰርቪስ ነው። በዚህ ለውጥ ምክንያት ከሥራ የሚቀነስ ሰው የለም። ደሞዝ አይነካም። የሳምንቱ 48 ሰዓትም እንዳለ ነው። ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መግቢያ 1፡30፣ መውጫ 10፡00 ይሆናል። ይኼ ተወስኗል። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፣ ጥያቄ ካለም እመልሳለሁ። ሁለተኛ፣ የቂሊንጦና የኮዬ ሰርቪስ የት ይቁም የሚለው አልተወሰነም። እሱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። 9፡30 ላይ እንጨርሳለን። ሰርቪስ አያመልጣችሁም።»

አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላም። «ደሞዝ አይነካም» ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም እንዲሉ ነግሬያቸው ነበር፣ ዝም አሉ። አንዷ የመስመር ኃላፊ ዋና ዋናውን በአፋን ኦሮሞ ደገመችው። በመጀመሪያው ስብሰባ ይኼንንም አላሰብኩበትም፤ ግማሹ ልጅ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ።

«ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚለውን አውጥቼዋለሁ። ሰው «እዚያ ውስጥ ምን ደብቀዋል?» እያለ እስከ መጨረሻው የሚጠብቀው ነጥብ ሆኖ ነው ያገኘሁት። በምትኩ ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ሐሙስ ምሳ ሰዓት ቢሮዬ እንዲመጣ ተነገረ።

ስለ ሰዓቱ ሦስት ጥያቄ መጣ። አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ መምጣት እንደምትችል ስታውቅ ጮክ ብላ «ተመስገን» አለች። ክርክሩ መቆሚያው ላይ ነበር፣ ደስ የሚል ክርክር። የቂሊንጦዎቹ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ይቁምልን አሉ። ሾፌሩ እዚያ ማዞሪያ እንደሌለው አስረዳ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ተስማሙ። የኮዬዎቹ ሁለት ቦታ አቅርበው እጅ አወጡ። 9፡26 ላይ አለቀ።

የሥራ ልምድ ከጠየቁት 11 ሰዎች ስምንቱ ያን ሳምንት ወረቀቱን ሊወስዱ አልመጡም። አንዷ ወስዳ ቤቷ አስቀመጠችው። ሁለቱ ግን በመካከሉ ሌላ ቦታ ተነጋግረው ጨርሰው ነበርና ሄዱ። አንደኛው ኮሌታ የሚሰፋ ልጅ ነበር። መስመሩ ላይ እሱን የሚተካ እጅ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብን።