መልሱ ዲ ነው

የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂን ስረከብ ከእኔ በፊት ያስተምር የነበረው መምህር አንድ ፍላሽ ጥሎልኝ ሄዶ ነበር። በውስጡ ስለ ሕዋስ የተዘጋጀ ረጅም ፓወርፖይንት አለ። ሰውየው ቃላትን አድምቆ መጻፍ ይወድ ነበር፤ ኑክሊየስ ደማቅ፣ ራይቦሶም ደማቅ። ተማሪ እንዳይተኛም በየጥቂት ስላይዱ ጥግ ላይ «ለፈተና ይመጣል» የሚል ደማቅ ማስፈራሪያ አስቀምጧል።

የአይሲቲ መምህራችን ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ደማቅ ቃል ማለት ቁልፍ ቃል ማለት ነው» አለኝ። በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፈ፦ ፕሮግራሙ ስላይዶቹን ያነባል፣ ደማቁን ቃል አውጥቶ በቦታው ባዶ መስመር ያስገባል፣ የወጣውን ቃል በመልስ መስጫው ላይ ይመዘግባል፣ ሦስት የተሳሳቱ አማራጮችን ደግሞ ከሌሎቹ ደማቅ ቃላት ይመርጣል። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ 40 የመለማመጃ ጥያቄ ከነመልሱ ተወለደ። እኔ ላየው ስል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቀድመውኝ በደስታ አባዝተውት ነበር። እርሳቸው የተባዛ ወረቀት ሲያዩ ሥራ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ወረቀቱን ክፍል ውስጥ አደልኩ። (ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ለወጋችን ወደ አማርኛ መልሻቸዋለሁ።) ገና ከመጀመሪያው አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ‹____ፕላስት ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት ክፍል ነው› ይላል። ከአማራጮቹ መካከል ‹ክሎሮ› አለ። ክሎሮ ብቻውን ምንድን ነው?»

የአይሲቲ መምህሩ ምክንያቱን በኋላ አስረዳኝ። ፓወርፖይንት ጽሑፍን የሚያስቀምጠው እንደ አጻጻፉ በቁራጭ በቁራጭ ነው። የቀድሞው መምህር ቃሉን ሲያደምቅ እጁ ግማሹ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ማንም ልብ አላለውም፣ ፕሮግራሙ ግን ደማቁን ግማሽ ብቻ በታማኝነት ቆርጦ አወጣ።

ቀጥሎ «ከላይ ባለው ሥዕል ላይ በቀስት የተመለከተው ____ ነው» የሚል መጣ። ሥዕሉ የለም። ፕሮግራሙ ጽሑፍ እንጂ ሥዕል አያነብም፤ ስለዚህ 32 ተማሪዎች በአንድነት ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ከመጨረሻው ስላይድ የተወሰደው ደግሞ «ስላዳመጣችሁኝ ____» ይላል፤ አማራጮቹ ራይቦሶም፣ ኦስሞሲስ፣ አመሰግናለሁ እና የሕዋስ ግድግዳ ናቸው። ከአንድ ተማሪ በቀር ክፍሉ በሙሉ ያገኘው ጥያቄ ይህ ብቻ ነው። ያ አንዱ «ኦስሞሲስ» ብሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ ምን አስቦ እንደሆነ አልገባኝም።

እስከዚህ ድረስ የሳቅ ጉዳይ ነበር። እንዲህ ያለውን ስህተት ማንም በዓይኑ ያየዋል፤ የሚያስፈራው ጤነኛ መስሎ የሚያልፈው ነው። 23ኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በእፅዋት ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ በ____ ውስጥ ይገኛል።» ኤ፣ ኑክሊየስ። ቢ፣ ማይቶኮንድሪያ። ሲ፣ ክሎሮፕላስት። ዲ፣ ለፈተና ይመጣል። ዲን ከተውነው የሚያምር ጥያቄ ነው፤ አማራጮቹ ሁሉ የሕዋስ ክፍሎች ናቸው። የመልስ መስጫው ኤ ይላል።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ገልጣ ተነሣች።

«መምህር፣ ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው ብለው አስጽፈውናል።»

እውነቷን ነው። ያው ፓወርፖይንት ውስጥ ጥቂት ስላይዶች ወረድ ብሎ ተጽፏል። ፕሮግራሙ መልሱን የሚያውቀው ቃሉን ካወጣበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የተሳሳቱ ብሎ የመረጣቸው ቃላት በሌላ ስላይድ ላይ ትክክል ሆነው ቢቀመጡ የሚነግረው የለም። እንዲያውም አማራጮቹ ከአንድ ትምህርት ሲወጡ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ፣ ሁለትና ሦስት ትክክለኛ መልስ የመግጠሙ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ አሁን ሦስቱን የተሳሳቱ አማራጮች አንድ በአንድ ባዶው ቦታ ላይ አስገብቼ አነባለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ ወይ አማራጩ ይለወጣል፣ ወይ ጥያቄው «አብዛኛው ዲኤንኤ የሚገኘው» ተብሎ ይታረማል። አማራጮቹን በእጄ ሸፍኜም ጥያቄውን ብቻውን እሞክረዋለሁ፤ ያለ አማራጮቹ ምን እንደሚጠይቅ ካልታወቀ ይወጣል። በዚህ ወንፊት ከ40ዎቹ ያለፉት 17 ናቸው።

የዚያን ዕለት ግን ወረቀቱ ተማሪዎቹ እጅ ላይ ነው፣ ሁሉም የጎረቤቱን እያረመ ነው፣ ለማረም የያዙት ቀይ እስክሪብቶም አየር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ፈረድኩ።

«ጥሩ። ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ብሎ የመለሰ ሁሉ አግኝቷል። የተሳሳተው ዲ ያለ ብቻ ነው።»

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

«መምህር፣ እኔ ዲ ብያለሁ።»

«‹ለፈተና ይመጣል› መልስ ነው?»

«መጥቷል እኮ፣ መምህር።»

ምልክት ሰጠሁት።