አምስት ሳምንት የተንጠለጠለው «የውል ጉዳይ»

የሳምንቱን ሥራዬን መገምገም ስጀምር እሁድ ማታ ነበር የማደርገው። አልሆነልኝም። እሁድ ማታ የረሳሁት ነገር ትዝ ቢለኝ የምደውልለት ሰው የለም፤ ስብሰለሰል አድራለሁ እንጂ። አሁን ዓርብ ከሰዓት፣ ሰዉ ከሥራ ሳይወጣ፣ 45 ደቂቃ ይዤ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ የጨረስኩትን እጽፋለሁ። በትዝታ ግን አይደለም። በትዝታ ስጽፍ የሚመጣልኝ የሐሙስና የዓርቡ ብቻ ነው፤ ሰኞ የሠራሁት ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ የሳምንቱን ካላንደርና የላክኳቸውን ኢሜይሎች ከፍቼ አያለሁ። 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ኢሜይሎቹ ሌላም ነገር ያጋልጣሉ፤ «እስከ ረቡዕ እልክልሃለሁ» ብዬ የዘነጋሁት ሁሉ እዚያው ተቀምጧል።

ዋናው ጣጣ በእንጥልጥል ያለው ነው። አንድ ሰሞን «የውል ጉዳይ» የሚል መስመር ነበረኝ። በየዓርቡ ወደ አዲሱ ገጽ እገለብጠዋለሁ። አምስተኛው ዓርብ ላይ ተናደድኩና «ቆይ፣ ምን ላድርግ ብዬ ነው የጻፍኩት?» አልኩ። መልስ የለኝም። ኢሜይሉን ፈልጌ ሳነበው ጉዱ ወጣ። ባልደረባዬ አንቀጽ 2ን እንዲያይልኝ ውሉን ልኬለታለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔ አርሜ የምልክለት መስሎት ይጠብቃል። ሁለታችንም ተጠባባቂ! መስመሩን ሰርዤ «ሰኞ ጠዋት ደውዬ አንቀጽ 2ን ማን እንደሚያርም መነጋገር» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ በአንዲት አጭር ስልክ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የጉዳዩን ስም ሳይሆን የማደርገውን ነው። ከሰው የምጠብቀው ከሆነ ማን እንደሆነና መቼ እንደጠየቅኩት አብሮ ይገባል። ሦስት ጊዜ የተገለበጠ መስመር ለአራተኛ አይገለበጥም፤ ወይ ቀን ቆርጬ ካላንደር ላይ አስገባዋለሁ፣ ወይ እሰርዘዋለሁ። መሰረዙ መጀመሪያ ላይ ያስፈራኝ ነበር። እስካሁን ተመልሶ የመጣብኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ባለጉዳዩ ራሱ አስታወሰኝ። (በነገራችን ላይ፣ በግምገማው መሃል «ይቺን አሁኑኑ ልጨርሳት» ማለት ያምረኛል። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ብዬ ግምገማው ሳያልቅ መሽቷል።)

የሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ግቦች መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። «ሪፖርቱን መሥራት» አልልም፤ «ሪፖርቱ ሐሙስ ተልኳል» ብዬ ነው የምጽፈው፣ ዓርብ ላይ ሆነ ወይም አልሆነም ለማለት እንዲመቸኝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ገምቼ ከካላንደሩ ጋር አስተያያለሁ። ባለፈው ሦስቱ ተደምረው 14 ሰዓት መጡ። ከስብሰባ የተረፈኝ ግን 9 ሰዓት ነበር። አንዱን እዚያው ወደ እንጥልጥሉ መለስኩትና ለሚጠብቀው ሰው በአንድ ሳምንት እንደሚዘገይ ጻፍኩለት። «ችግር የለም፣ እኔም ገና አልደረስኩበትም» አለኝ።