ሽንኩርት በፖስታ ታሽጎ አይሸጥም

የመስኖ ማህበር ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁና ሽንኩርታችሁን ያለ ደላላ ለከተማ ገዥ ለመሸጥ ማስታወቂያ ልታወጡ ካሰባችሁ፣ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡት። እኛን ያስጠነቀቀን ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሽንኩርት ዳስ ስር ተቀምጦ አረንጓዴ አያበቅልም ነበር።

እኔ የማህበራችን የሽያጭ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ቆላ ላይ በመስኖ ቦምቤይ ሬድ የሚባለውን ቀይ ሽንኩርት እናመርታለን። ድሮ የምንሸጠው እንደ ማንም ገበሬ ለደላላ ነበር። ደላላው ማሳው ዳር ቆሞ በዓይኑ ይገምታል፣ ማዳበሪያውን አፉ እስኪተረተር ያስሞላል፣ ከዚያ 120 ኪሎውን "አንድ ኩንታል" ብሎ ይጭናል። አትክልት ተራ ስንት እንደዋለ የምንሰማው መኪናው ከሄደ ከሰነበተ በኋላ ነው። ገበያው ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳ ወደ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል፤ የኛ ደላላ ግን አልተቀየረም።

ጠቅላላ ጉባኤው በቀጥታ እንሽጥ ብሎ ወሰነ። ሚዛን ገዛን፣ በማህበሩ ስም የባንክ ሂሳብ ከፈትን፣ ለሽያጭ ብቻ የሚያገለግል ስልክ ያዝን። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ችግሩ የመጣው ማስታወቂያው ላይ ማህተም ብቻ ሳይሆን የወረዳው መንግሥት ቢሮ ደብዳቤም ቢኖርበት ገዥ ያምነናል ብለን ስንሄድ ነው። የቢሮው ባለሙያ የማስታወቂያ ረቂቃችንን አየና ወደ ጎን አደረገው። "የማህበር ንብረት በግልጽ ጨረታ ነው የሚሸጠው" አለን። ሊቀመንበራችን አዛውንት ናቸው፤ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ሽንኩርት ነው እኮ፣ የወላለቀ ቆርቆሮ አይደለም" አሉት። "አባባ፣ መመሪያው ምርት አይለይም" አላቸው። የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ ብዬ ጠየቅሁ። እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም። እኔ የማውቀው አዋጅ 985/2009 የማህበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው ይላል፤ የኛ ጉባኤ ደግሞ ወስኖ ነው የመጣው። ግን ማን ይሰማል፣ ደብዳቤው ያለው እነሱ እጅ ነው።

በመጨረሻ የወጣው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል። "ማህበራችን ያመረተውን ብዛቱ በግምት 600 ኩንታል የሆነ ቀይ ሽንኩርት በግልጽ ጨረታ አወዳድሮ መሸጥ ይፈልጋል። ተጫራቾች የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ በማያያዝ በታሸገ ፖስታ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያቀርቡ እየገለጽን፣ ማህበሩ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።" ዋጋ የለም፣ መጠኑ ትልቅ ይሁን ትንሽ የለም፣ ሽንኩርቱ የት እንዳለ እንኳ የለም። ቢሮው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንዱ ልጅ በስልኩ አጣምሞ አነሳውና ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከግማሹ ላይ የሚነበበው ማህተሙ ብቻ ነበር።

ለማን ነው የተጻፈው? የእሁድ ገበያ ላይ የሚሸጥ ልጅ ለአንድ አይሱዙ ሽንኩርት ሲፒኦ አያሠራም። ሆቴል ያላት ሴትዮ ሥራዋን ጥላ ፖስታ ልታስገባ ቆላ አትወርድም። የሸማቾች ማህበር ደግሞ ግዥውን በኮሚቴ እስኪያጸድቅ አሥሩ ቀን ያልቃል። ሲፒኦ ለማሠራት የማይቸገረውና ለወረዳው ሰሌዳ ቅርብ የሆነው ማን እንደሆነ ለናንተው ልተወው። ፖስታው ሲከፈት የቀረቡት ዋጋዎች በሳንቲም ነበር የሚለያዩት፤ ሁሉም ደላላው ማሳ ላይ ከሚከፍለን ያንሱ ነበር። ተጫራቾቹ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት አብረው ጠጥተው ነው የመጡት። ሰው ሁሉ አይቷቸዋል።

እስከዚያ ሽንኩርቱ ምን ሆነ? ባለሙያው "ተጫራች ምርቱን ማየት አለበት" ስላለ አስቀድመን ነቅለነው ነበር። ቦምቤይ ሬድ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ለረጅም ማከማቻ የሚሆን ዘር አይደለም። ነቅለን በራሱ ቅጠል ሸፍነን አደረቅነው፣ ዳስ ስር አስገባነው። መጋቢት ላይ ደግሞ የበልግ ዝናብ መጣ። አንገቱ በደንብ ያልደረቀው መጀመሪያ ሄደ። ከላይ ሲያዩት ቀይ ነው፣ ያምራል። አንገቱን በአውራ ጣት ሲጫኑት ግን ይሰምጣል፣ ውኃ ያወጣል። አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ማዳበሪያ ውስጥ ካለ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የማህበሩ ሴቶች ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እየዳበሱ ለዩት። ያን ጉልበት የከፈለ የለም። ባለሙያውን ደውለን ዝናብ ነው፣ ጨረታውን እናሳጥረው ብንለው "የተገለጸ ቀን አይቀየርም" አለን። የመሰረዝ መብታችን እኮ የተጠበቀ ነው አልኩት። እሱ ሌላ ነገር ነው አለ።

ጨረታውን ሰረዝን። የተረፈውን ለዚያው ለድሮው ደላላ ሰጠነው፤ ሲስቅ ነበር የጫነው።

የሁለተኛውን ዙር ማሳ ግን ገና ሳይነቀል፣ ያለ ማንም ደብዳቤ በራሳችን ማስታወቂያ ሸጥነው። እነሆ፣ ቃል በቃል ብትገለብጡትም ቅር አይለኝም።

"ቀይ ሽንኩርት፣ ቦምቤይ ሬድ፣ መካከለኛ መጠን። አሁን ማሳ ላይ ነው፤ የምንነቅለው ቀብድ ሲገባ ነው። ነቅለን አድርቀን በሳምንት ውስጥ እንጭናለን። ዋጋ በኪሎ 32 ብር፣ ማህበሩ ግቢ ተመዝኖ፣ መኪና ላይ ተጭኖ። ማዳበሪያና ጫኝ በኛ፣ የመኪና ኪራይ በገዥ። ይህ ዋጋ እስከ ሐሙስ ማታ ይጸናል። ትንሹ ጭነት 50 ኩንታል ነው፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ቀብድ ሩብ፣ በማህበሩ ስም በተከፈተ ሂሳብ ብቻ። ቀሪው ከሚዛን በኋላ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት። ደረሰኝ እንሰጣለን።"

ቢሮው "ዋጋ አትጻፉ፣ ገዥ ራሱ ያቅርብ" ይላል። እኔ ጻፉ ነው የምለው። "ዋጋ በስልክ" ካላችሁ ቀኑን ሙሉ የሚደውልላችሁ ወሬ የሚሰበስብ ደላላ ነው። ዋጋ ከተጻፈ ግን የሚደውለው ሰው አስቀድሞ አስልቶ ነው። ዋናው ነገር ዋጋው የት ቦታ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚጸና መጻፉ ነው። የሽንኩርት ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይገለበጣል፤ ቀን ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ተላልፎ ተላልፎ ወር ቆይቶ ይመጣና "እናንተው ጽፋችሁት የለ?" እየተባለ ያጨቃጭቃል።

ገዥው እንዴት እንደሚያሰላ ማወቅም ይጠቅማል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ጫነ እንበል። በ32 ብር 160,000 ብር ነው። ኪራዩ ያኔ 15,000 ነበር፣ ድምሩ 175,000። መንገድ ላይ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ትንሽም ይጨፈለቃል፤ ከመቶ አምስት ጠፋ ብንል የሚሸጠው 4,750 ኪሎ ነው። ሲካፈል ኪሎው ሱቁ በር ላይ 37 ብር ገደማ ደረሰው ማለት ነው። ይህን ስሌት ለሚደውል ሁሉ በስልክ እነግረው ነበር። ብዙዎቹ ኪሳራውን ሳንደብቅ ስንነግራቸው ነው ያመኑን። አንዷ ባለሆቴል "እስካሁን የሚበሰብስ ሽንኩርት እንዳለው የነገረኝ ነጋዴ የለም" ብላኝ ሳቀች፤ እስካሁን ደንበኛችን ናት።

ሌላው ከቢሮው ምክር ጋር የምጣላበት ጠቅላላ ብዛቱን መጻፍ ነው። 600 ኩንታል ብላችሁ ስትጽፉ ገዥው "ይሄ ሁሉ ካላቸው ነገ ይረክሳል" ብሎ ቁጭ ይላል። ደላላውም ገበያው ላይ "ቆላ ሞልቷል" እያለ ያስወራል። የአንድ ጭነት መጠንና ቀጣዩ ጭነት መቼ እንደሆነ ይበቃል።

ሳይነቀል መሸጥም የራሱ አደጋ አለው፣ አልዋሽም። ሽንኩርቱ ደርሶ ቅጠሉ ሲተኛ ውኃ ታቆማላችሁ። መሬቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጥቂት ቀን ይታገሳል። ዝናብ ከመጣ ግን እንደገና ሥር ይሰዳል ወይም እዚያው ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ቅጠሉ መተኛት ከመጀመሩ በፊት መውጣት አለበት፣ ደመና ካያችሁ ደግሞ ቀብድ ገባ አልገባ ሳትሉ ንቀሉ። የአባላቱን ማሳ በተራ ነው የነቀልነው፤ ማን ይቅደም በሚለው ብዙ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ቀድሞ የተከለ ይቅደም ተባለ።

ፎቶውን ማሳው ውስጥ አንሱት። ሽንኩርቱን መዳፍ ላይ አድርጋችሁ፣ ሌላውን ደግሞ ለሁለት ሰንጥቃችሁ። መዳፍ ከሌለ መጠኑ አይታወቅም። መርጣችሁ ትልልቁን ብቻ ካነሳችሁ መኪናው ሲራገፍ ጠብ ነው። ማህተም ያለበትን ወረቀት ከፎቶው ቀጥሎ ለጥፉት እንጂ ማስታወቂያውን ራሱን በጽሑፍ ልቀቁት፤ ሰው ገልብጦ ለሌላ ሰው ሊልከው የሚችለው ጽሑፍ ሲሆን ነው።

ስልኩን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። እኛ ጋ መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ነበር፤ አንዱ 32 ሲል ሌላው 30 ብሎ ተገኘ፣ ገዥውም ወዲያው አወቀ።

ጭነቱ ሲያልቅ ማስታወቂያው ላይ "ተሽጧል" ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። የቢሮው ባለሙያ በቅርቡ ደውሎ የኛን ማስታወቂያ ለሌሎች ማህበራት ናሙና ሊያደርገው እንደሚፈልግ ነግሮኛል። ላክሁለት። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት አለ፤ የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው የምትለዋን።