የማን ስም ይቅደም? አንድ ጥናት፣ አራት ሰው፣ አንድ ሠንጠረዥ

የማስተርስ ጥናቴ በነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ላይ ነበር። ለጆርናል ስንልከው የኔ ስም አንደኛ፣ የጤና ቢሮ ኃላፊው ሁለተኛ፣ ዋና አማካሪዬ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ኃላፊው የገቡት ጤና ጣቢያዎቹ እንዲተባበሩን ደብዳቤ ስለጻፉልን ነው። ያኔ ማንም ቅር አላለውም።

ነገሩ የከረረው የገምጋሚዎቹ አስተያየት ሲመጣ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ የሚከታተሉ እናቶች በኑሮም በአመጋገብም ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ተራው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን አይበቃም፣ መልቲሌቭል ሞዴል ይሠራ አሉ። እውነታቸውን ነው። መመሳሰሉን ካልቆጠርነው ውጤቱ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይመስላል። ትንታኔውን አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጓደኛችን እንደ አዲስ ሠራው። ጉልህ ናቸው ካልናቸው ምክንያቶች የተወሰኑት ወደቁ። የውይይቱ ክፍልም አብሮ ፈረሰ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ስታቲስቲሺያኑ፣ «ከአንተ ጎን እኩል ፈርስት ኦተር ልሁን፣ ኮከብ ይደረግልኝ» አለ። አማካሪዬ ደግሞ፣ «እሱን ምስጋና ላይ አስገባው። ሐሳቡ የኔ ስለሆነ አንደኛ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ» አሉ። የማዕረግ ዕድገት ፋይላቸው እየተዘጋጀ ነበር፤ እዚያ ደግሞ የስም ተራ ዋጋ አለው። ለአማካሪ «አይሆንም» ማለት እኛ አገር ቀላል አይደለም፤ ይሉኝታው አለ፣ ነገ የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልጋል።

ስለዚህ በስም ተራው ላይ አልተከራከርኩም። ማን ደራሲ ነው የሚለውን፣ ማን ይቅደም ከሚለው ለየሁት። ክሬዲት የሚባል 14 የሥራ ድርሻዎችን የያዘ ዝርዝር አለ፤ ሐሳብ ማመንጨት፣ ዳታ መሰብሰብ፣ ትንታኔ፣ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ማረም፣ ክትትል እያለ ይቀጥላል። በሠንጠረዥ አደረግኩት፤ ድርሻዎቹ ወደ ታች፣ ስሞቹ ወደ ጎን። በየሳጥኑ ማስረጃ ጻፍኩ፣ ለምሳሌ የትኛው ኢሜይል፣ የትኛው የረቂቅ ፋይል። ለሁሉም ላክሁና «የጎደለ ወይም የበዛ ካለ ያስተካክሉልኝ» አልኩ።

አማካሪዬ በሐሳብና በክትትል ረድፍ ላይ ትክክለኛ ነገር ጨመሩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ረድፍ ላይ ግን ከኔ ስም ሌላ አልነበረም፤ እሳቸውም አልነኩትም። ሠንጠረዡ ከኔ ይልቅ ተናገረ።

አማካሪዬ ስለ ስታቲስቲሺያኑ «እሱ እኮ አንድ መስመር አልጻፈም» ብለው ነበር። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መመሪያ አራት መስፈርት አለው፦ ለጥናቱ ቁም ነገር ያለው አስተዋጽኦ፣ መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ብዙዎች የሚዘሉት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው ሌሎቹን እንዲያሟላ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ረቂቁን ሳያሳዩት «አልጻፈም» ማለት አይቻልም። የዘዴና የውጤት ክፍሉን እሱ እንዲጽፍ ሰጠነው፣ ጻፈው።

ተራውን መመሪያው ለደራሲዎቹ ስምምነት ይተወዋል። በሒሳብና በኢኮኖሚክስ በፊደል ተራ መደርደር የተለመደ ነው፤ እዚያ ብንሆን አባቱ አበበ የሚባል ሰው ሁሌም ፊት ነው። በኛ ሙያ ግን መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ሥራውን የመራው ሰው ነው። አማካሪዬ መጨረሻ ላይ ሆነው ኮረስፖንዲንግ ኦተርነቱን ወሰዱ፤ ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፉት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ስታቲስቲሺያኑ ኮከቡን ትቶ ሁለተኛ ሆነ፤ ጥናቱ ሲነደፍ እንዳልነበረ ራሱም ያውቃል።

የትብብር ደብዳቤ መጻፍ ግን ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ ኃላፊውን ማውጣት ነው የከበደው። ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ስም ሲጨመር ወይም ሲወጣ ጆርናሉ ምክንያትና የሁሉንም ፊርማ ይጠይቃል፣ የሚወጣውንም ሰው ጨምሮ። ካልተስማማችሁ ኤዲተሩ አይፈርድም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ ይመልሳችኋል፣ ጽሑፉም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከአማካሪዬ ጋር ኃላፊው ቢሮ ሄድን።

«ምን አጠፋሁና ነው የምታወጡኝ?» አሉ።

«ነገ አንድ ሰው ይህ ቁጥር ከየት መጣ ቢል፣ ደራሲ ከሆኑ እርስዎም ይጠየቃሉ» አልኳቸው።

«ይሄን ማን ነግሮኝ!» ብለው እስክሪብቶ ፈለጉ። ምስጋና ላይ ስም ለማስገባትም የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ በዚያው አስፈረምናቸው።

አሁን ፕሮፖዛል ስጽፍ የስም ተራው በመጀመሪያው ስብሰባ ይጻፋል፤ ከሥሩ ሁለት አንቀጽ አለው። ትንታኔው እንደ አዲስ ከተሠራ ተራው እንደገና ይታያል። ተማሪው ተመርቆ በተስማማነው ቀን ረቂቅ ካላመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ጽፎ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው ግን ረቂቁን አይቶና አጽድቆ ስሙ እንዳለ ይቆያል።