አንድ ምንባብ፣ ሰባት ጥያቄ፦ አንድምታው ላይ የተሰናከልኩበት

ለአራተኛ ክፍል አማርኛ ያዘጋጀኋቸው ሰባት የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች ሰሞኑን «ሸፍኖ መጠየቅ»ን አለፉ፤ ደስ ብሎኛል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ምንባቡን ሳታሳዩ ጥያቄዎቹን ብቻ ለአሥር ልጆች ስጡ። ከግማሽ በላይ የመለሱት ጥያቄ ንባብ ስለማይለካ ይጣል። ጎንደር ላይ ስለ ጥምቀት ምንባብ ጽፋችሁ «ታቦታቱ የሚያድሩት የት ነው?» ብትሉ ልጁ ገጹን ሳያይ ይመልሳል፤ ጥር 10 ቀን በእግሩ የሄደበት ቦታ ነዋ! ስለዚህ ማንም አስቀድሞ የማያውቀው ተራ የሰፈር ታሪክ ይሻላል።

«ትርንጎ ከአዘዞ ገበያ ስትመለስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ዘንቢሉ ላይ ግን የጭቃ ጠብታ የለም። እናቷ ተቀብለው እንቁላሎቹን ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ‹አሥራ አምስት አልነበር ያልኩሽ?› አሏት። ትርንጎ መሬት መሬት እያየች፣ ‹ሦስቱን ለእትዬ ብርቄ ሰጠኋቸው፤ ልጃቸው ታሟል› አለች። እናቷ ዝም ብለው ቆዩ። ማታ ለእትዬ ብርቄ ቤት ሽሮ ተላከ።»

ቀጥተኛ ጥያቄ ሦስት ይበቃል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ የምንባቡን ቃላት እንዳሉ አትገልብጡ። «ብርጢው ከመጥቆ ተዘረፈ» የሚል ትርጉም የለሽ ዓረፍተ ነገር ስጡና «ብርጢው ከየት ተዘረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ምንም ሳይገባው «ከመጥቆ» ይላል። «ትርንጎ ከየት ተመለሰች?» ያው ነው። «ትርንጎ ዕቃ የገዛችው የት ነው?» ካላችሁ ግን «ገበያ» የሚለውን ቃል መረዳት አለበት።

ጊዜ የበላው አንድምታዊው ነው። ብዙዎቻችን «ለምን» ካልን ጥያቄው የጠለቀ ይመስለናል። «ትርንጎ እንቁላሎቹን ለምን ሰጠች?» የሚለው በ«ለምን» ቢጀምርም ልጁ «ልጃቸው ታሟል»ን ገልብጦ ይገላገላል። እኔ የምለየው በጣት ነው። መልሱ ላይ አንድ ጣት ካረፈ ቀጥተኛ ነው። ሁለት ጣት በሁለት ቦታ አሳርፎ ማገናኘት ካስፈለገ አንድምታዊ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ፣ ለምሳሌ «እትዬ ብርቄ ባል አላቸው?» ቢባል፣ ያ ግምት እንጂ አንድምታ አይደለም።

ስለዚህ ከጥያቄው በፊት መልሱን ጻፉ፣ ሁለቱን ማስረጃ አስምሩ፣ ከዚያ ጠይቁ። «ትርንጎ በመንገዷ ላይ ይበልጥ የተጠነቀቀችው ለምኑ ነው? በምን አወቅህ?» የሚለው እንዲህ መጣ፤ የቆሸሸውን ጫማና ንጹሑን ዘንቢል ማነጻጸር ግድ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ «እናቷ እስከ መጨረሻው ተቆጥተው ነበር?» የሚል ነበር። አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄ ስለሆነ ያልገባውም ልጅ ግማሽ ዕድል አለው። «የእናቷ ስሜት እንዴት ተለወጠ?» ሲባል ግን ከጥያቄያቸው ተነሥቶ በዝምታው አልፎ ሽሮው ድረስ መሄድ አለበት።

ሦስተኛው አሳፍሮኛል። «‹ሰጠኋቸው› ውስጥ ‹ቸው› ማንን ያመለክታል?» ብዬ መልሱን «እትዬ ብርቄን» ብዬ ያዝኩ። ግማሾቹ ልጆች «እንቁላሎቹን» አሉ፣ ልክ ናቸው። አማርኛችን ለብዙም ለአክብሮትም አንድ ቅጥያ ስለሚጠቀም ጥያቄው ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። ጣልኩትና «ትርንጎ መሬት መሬት ያየችው ለምን ይመስልሃል?» በሚል ተካሁት። እሱም ቢሆን «ስላፈረች» እና «ስለፈራች» ሁለቱንም ይቀበላል፤ ማስረጃው የእናቷ ጥያቄ እስከሆነ ድረስ ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ገምጋሚ ጥያቄ አንድ ብቻ፣ ያውም ያለ ምርጫ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ያለው ገምጋሚ ጥያቄ የአስተማሪውን ሐሳብ መገመት ነው ባይ ነኝ። «ትርንጎ ጥሩ ልጅ ናት?» ብትሉ ሁሉም «አዎ» ይላል፣ አለቀ። «ሳታስፈቅድ መስጠቷ ተገቢ ነበር? ከምንባቡ ሐሳብህን የሚደግፍ አንድ፣ የሚቃወም አንድ ነገር ጥቀስ» ሲባል ግን ልጁ ወደ ምንባቡ ይመለሳል። እርማቱ ከሦስት ነው፦ አንድ ለያዘው አቋም፣ አንድ ከምንባቡ ለጠቀሳቸው ሁለት ነገሮች፣ አንድ እነሱን ከአቋሙ ጋር ላገናኘበት ምክንያት። የትኛውን ወገን እንደያዘ ነጥብ የለውም። «ገንዘቡ የእናቷ ነው» የሚል መልስ ብዙ ይመጣል፤ ምንባቡ ስለ ገንዘቡ ምንም ስላላለ የማስረጃውን ነጥብ አልሰጥም። «አሥራ አምስት ብለዋት ነበር» ያለው ግን ያገኛል።